የተረከዙ ጎማ

የወስፌ ሚስት ጠዋት ሻይ ልትጥድ ተነሥታ ገና ሁለት እርምጃ ሳትሄድ አዲሱ የወለል ፕላስቲክ ላይ አሥራ ሁለት ቀዳዳ አገኘች። ተንበርክካ በጣቷ እየነካች ቆጠረቻቸው፤ ስድስት በቀኝ፣ ስድስት በግራ። ፕላስቲኩ ከተነጠፈ ገና አንድ ወሩ ነው። እሷ ራሷ በጉልበቷ እየተንፏቀቀች፣ ጠርዙን በቢላዋ ከግድግዳው ጋር እያስተካከለች ያነጠፈችው ነው። "አንተ ሰውዬ፣ በዚህ በወስፌህ ቤቱን ወንፊት አደረግኸው እኮ" አለች። ባሏ ከብርድ ልብሱ ራሱን አውጥቶ፣ "በሕልሜም አልነካሁት" አለ። እውነቱን ነው። ወስፌ ያሉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከትልቁ ፎቅ ደረጃ ሥር ወስፌ ይዞ ጫማ ሲሰፋ ስሙ ጠፍቶ መሣሪያው ስም ሆኖ ቀረ፤ ዕቃውን ግን ቤት ይዞ አይገባም።

ሁለቱም ዞረው ጥግ ያለውን ፍራሽ አዩ። የወስፌ የእህቱ ልጅ እስከ ራሷ ተከናንባ ተኝታለች፤ የተኛ ሰው ግን እንዲህ ትንፋሹን ይዞ አይጠብቅም። "ሽው!" አለቻት ሚስትየው። ይሄም ስም አይደለም። ልጅቷ ከገጠር በመጣች በሳምንቷ ዳቦ ተልካ ሻዩ ሳይፈላ ስትመለስ፣ መንገድ ላይ ሽው ብላ ያለፈቻቸው ጎረቤቶች ያወጡላት ነው። ብርድ ልብሱ ቀስ ብሎ ወረደና የአሥራ ሰባት ዓመት ፊት ብቅ አለ። "እኔ ነኝ እትዬ፣" አለች፤ "ጫማውን ለክቼው ነው። ስነቃ በእርግጥ የኔ መሆኑን ልይ ብዬ። ቆሜ ብቻ ነው ያወለቅሁት፣ አልተራመድኩም።" ሚስትየው ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ልጅቷ ጫማውን ደረቷ ላይ አቅፋ መተኛቷን ስታይ ግን አንጀቷን በላቻት። "ብትራመጂበትማ ኖሮ ቤቱ ባዶውን ይቀር ነበር" አለችና ወንበር ጎትታ ቀዳዳዎቹ ላይ አቆመችበት።

ጫማው የመጣው ትናንት ነው። ሽውን የምታለማምዳት የሯጮች ክለብ አሰልጣኝ በራሷ የሩጫ ዘመን አድርጋው ኖሮ የሰጠቻት ስፓይክ፣ ባለ ሚስማር የመሮጫ ጫማ ነው፤ ቢጫ፣ በጣም ቀላል፣ መዳፍ ላይ ሲያስቀምጡት ከሁለት እንቁላል እምብዛም የማይከብድ። ከፊቱ በታች ጠንካራ ፕላስቲክ አለ፤ እሱ ላይ ስድስት ሹል ሚስማሮች በብሎን ገብተዋል። ሽው እስከ ዛሬ በልምምድ ላይ የክለቡን የጋራ ስፓይክ እየተዋሰች ሮጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ባቷ እየተወጠረ ደረጃ መውረድ አቅቷት ነበር፤ አሰልጣኟ በሣር ላይ መቶ መቶ ሜትር ብቻ እያስሮጠች፣ ቀስ በቀስ እየጨመረች አለማመደቻት። ውድድር ላይ ግን የጋራው ጫማ ለክለቡ ልጆች ነው፤ እሷ ደግሞ ገና የክለቡ ልጅ አይደለችም። ስለዚህ በተወዳደረች ቁጥር በባዶ እግሯ ነው። የሜዳ ሩጫ ሲሆን ማንም አይደርስባትም፤ መም በሚሉት የስታዲየም መሮጫ ላይ ሲሆን ግን የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ እግሯ በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ እያዳለጠ ውድድሩ ከእጇ ይወጣል። ባለፈው ውድድር ደግሞ ከፊቷ ያለችው ልጅ በስፓይኳ ረግጣት የግራ እግሯ ላይ ሦስት ቀዳዳ ትታባት ሄደች። ጠባሳው ገና ቀይ ነው።

የዛሬው ግን ሌላ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስታዲየሙ የሺህ አምስት መቶ ሜትር ማጣሪያ አለ። አሥራ አንድ ልጆች ይሮጣሉ፣ ክለቡ ሦስቱን ይወስዳል፤ መኝታ፣ ምግብ፣ ደመወዝ፣ ከፈለገች የማታ ትምህርት። አራተኛ የወጣች ልብሷን ሸክፋ ወደመጣችበት ናት። አባቷ ቀኑን ቆርጦ ልኳል፦ ክለብ ከገባች ይሁን፣ ካልገባች ሰኞ መጥቼ እወስዳታለሁ። ይሄን ነገር ቤቱ ውስጥ ማንም አያነሣውም። ሦስቱም ሻያቸውን ጠጡ፣ ዳቦውን ተካፈሉ፣ ስለ ውኃ መጥፋትና ስለ አውቶቡስ ሰልፍ ተጨዋወቱ። ሰኞ የምትባለውን ቀን ግን ማንም በአፉ አልጠራትም።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት?" አለች ሽው ለመውጣት ስትነሣ። አንድ ትንሽ ከረጢት አወጣች። ውስጡ አሥራ ሁለት አጫጭር ሚስማሮችና አንድ መፍቻ አሉ። "ጫማው ላይ ያሉት የጭቃ ናቸው፣ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር። መም ላይ በዚያ አያስገቡም፣ መሙን ይቀድዳሉ። አሰልጣኟ ስድስት ሚሊ ሜትሩን ክተቺበት ብላኛለች። ሁለቱ ግን ዝገው ጭንቅላታቸው ተበልቷል፣ መፍቻው ይሾልክብኛል። እኔ ለምዝገባ አሁን መሄድ አለብኝ፤ እርስዎ ፈትተው ቢያመጡልኝስ?" ወስፌ ጫማውን ተቀበላት። ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ከዘመድ እንዲህ ያለ ሥራ መጥቶለት አያውቅም፤ ዘመድ የሚያመጣለት የተቀደደ ሸራ ጫማ ነው። "በእጅሽ እንደገባ ቁጠሪው" አላት፣ አፉን ሞልቶ።

ሚስቱ የሥራ ጫማዋን እያጠለቀች ነበር። ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ በቁሟ አንሶላ ትተኩሳለች። የጫማዋ ተረከዝ፣ በተለይ የቀኙ፣ በውጭ በኩል ተበልቶ ጫማው ወደ ጎን ጋደል ብሏል። ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ አንድ ጥንድ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የማያዳልጥ የተረከዝ ጎማ ተሰቅሏል፤ ወስፌ ለእሷ ጫማ ብሎ መርጦ የገዛው ነው። ከተሰቀለ ሁለት ወሩ። ሚስትየው ጎማውን አየችው፣ ባሏን አየችው። "ዛሬ እሠራልሻለሁ፣ ይዤው እሄዳለሁ" አለ ወስፌ ቀድሞ። "እሱን እንኳ በየቅዳሜው ሰምቼዋለሁ" አለችና በሩን ዘጋችው። ወስፌ ጎማውን ከሚስማሩ አውርዶ ከስፓይኩ ጋር ጨምሮ ያዘ። እውነት ለመናገር ሲወጣ ያሰበው ለሚስቱ ነበር፤ ማታ ከሥራ ስትመለስ በደረጃው ሥር ስታልፍ ጫማዋን ተቀብሎ ወዲያው ሊመታላት።

ደረጃው ሥር ያለችው የወስፌ ቦታ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ውጭ ነው። ከጎኑ ቁልፍ ቀራጩ አለ፤ ማሽኑን ሲያስነሣ ወሬ ይቋረጣል፣ ሲያጠፋ ከቆመበት ይቀጥላል። ወስፌ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ስፓይኩን ገለበጠው። አሥሩ ሚስማሮች በመፍቻው ሳያስቸግሩ ወጡ። የዛጉት ሁለቱ ላይ ዘይት ጠብ አደረገና ሻዩን እስኪጠጣ ተዋቸው፤ ከዚያ በጉጠት ከሥራቸው ጨብጦ፣ ሳይቸኩል፣ ወዲህና ወዲያ እያወዛወዘ ፈታቸው። እዚህ ላይ ጉልበተኛ ቢሆን ኖሮ ጥርሳቸውን ሰብሮ ውስጥ ያስቀራቸው ነበር። ቀዳዳዎቹን በወስፌው ጫፍ ከአሸዋና ከዝገት ጠራረገ፣ አጫጭሮቹን መጀመሪያ በጣቱ ብቻ አስገባ፣ እስኪነኩ ድረስ ካዞረ በኋላ በመፍቻው አንድ አንድ ጊዜ ጠበቅ አደረጋቸው። ያማረ ሥራ ነበር። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ የሚነገር ታሪክም ባልነበረ።

ታዲያ ቁልፍ ቀራጩ ማሽኑን አጠፋና አንገቱን አስግጎ፣ "ይሄ ደሞ ምንድነው? ከኋላው ተበልቶ ያለቀ" አለ። "የእህቴ ልጅ ጫማ ነው። ስታዲየም ትሮጥበታለች ዛሬ።" "በዚህ? ተረከዝ እንኳ የለውም እኮ። መቼም ለድሃ ልጅ ሲሰጥ ሰው የማያደርገውን ነው" አለና ማሽኑን አስነሣ። ወስፌ ቆሽቱ አረረ። ጫማውን አገላብጦ አየው። እውነትም ከፊት በኩል ያ ጠንካራ ፕላስቲክ አለ፣ ከኋላ ግን ከወረቀት ትንሽ የሚወፍር ስስ ላስቲክ ብቻ ነው። ሲያስቡት እግር መሬት ሲመታ ተረከዝ አጥንቱ ድረስ ይሰማዋል። ይሄን ተቀምጣ ለምትውል ሙሽራ እንኳ አያደርጉላትም፣ እንኳን ለሚሮጥ ሰው። ወስፌ ደግሞ በሰፈሩ የሚታወቅበት አንድ ኩራት አለው። ደንበኛ ጫማ ይዞ መጥቶ እንዲህ ነው እንዲያ ነው ሲል፣ "እኔ ባለቤቱን አልጠይቅም፣ ጫማውን ነው የምጠይቀው" ይላል። ሶሉን ገልብጦ አይቶ ሰውየው እንዴት እንደሚራመድ፣ የቱን እግሩን እንደሚጎትት፣ ተቀማጭ ይሁን ቋሚ ይነግረዋል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው።

ስፓይኩም ነግሮት ነበር። የፊቱ ፕላስቲክ ተቧጭሮ ተቧጭሮ ነጭ ሆኗል፤ የኋላው ስስ ላስቲክ ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ አንድ ጭረት የለበትም። ወስፌ ይሄን በዓይኑ አይቶታል። አይቶ ሲያበቃ ግን ንዴቱ ከዓይኑ ቀደመና፣ ያላለቀው ጥሩ ላስቲክ ስለሆነ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። እጁ ወደ ጥቁሩ ጎማ ሄደ። ሚስቱ ትዝ አለችው፤ "ለእሷ ሰኞ ሌላ እገዛለሁ" አለ ለራሱ። ከዚያ ወዲያ ነገር ዓለሙን ትቶ ሠራ። ሁለቱንም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አሻከረ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ደግሞ ቀባ። በጣቱ ሲነካው የማይይዝ ሲሆን አጋጠመና በመዶሻ ከመሃል ወደ ዳር መታው። የተረፈውን በስለታም ቢላዋ እንደ ተረከዙ ቅርጽ ዞሮ ቆረጠ። ሲጨርስ ስፓይኩ የጣት ውፍረት ያለው፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ተረከዝ ነበረው። ቁልፍ ቀራጩ አይቶ፣ "አሁን ጫማ ሆነ" አለ። ወስፌ በደስታ ጮቤ ሊረግጥ ምንም አልቀረውም።

ስምንት ሰዓት ላይ ስታዲየም ደረሰ። ፀሐዩ እንደ ጉድ ነው፤ የእንጨት መቀመጫ የለም፣ ያለው ቆርቆሮ ነው፣ ተቀምጦ አቃጥሎት ወዲያው ተነሣ። ከመሙ ዳር ባለው ሣር ላይ ልጆቹ ሰውነታቸውን ያሟሙቃሉ። ሽው ከመካከላቸው ባዶ እግሯን ናት። የመሮጫ ቁጥሯ ደረቷ ላይ በአራት መርፌ ቁልፍ ተይዟል። ወስፌ የእህቱ ልጅ ስትሮጥ አይቶ አያውቅም ነበር፣ አሁን መጀመሪያው ነው። ሥራው ነውና ፊቷን ትቶ እግሯን አየ። እንዲህ ያለ እግር አይቶ አያውቅም። የሚያርፈው በፊቱ ነው፤ ጣቶቿ ሥር ያለው ሰፊው ሥጋ መጀመሪያ ይነካል፣ ተረከዟ ሣሩን ነካሁ አልነካሁ ብሎ ተመልሶ ይነሣል። ድምፅ የላትም። ሌሎቹ ሲያልፉ መሬቱ ይንኳኳል፣ እሷ ስታልፍ ግን ቁጥሯ ብቻ ነው ኮሽ የሚል። ወስፌ ሳያስበው "ወይ ጉድ" አለ። ደስ ብሎት ነው ያለው፤ እጁ ግን ሳያዝዘው ወደያዘው ጫማ ተረከዝ ሄደ።

ሽው አይታው እየሮጠች መጣች። ጫማውን ሰጣት። ተረከዙን ስታየው ፊቷ ለአንድ አፍታ ቆመ፤ ከዚያ ፈገግ አለች። "ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ደከሙ?" አለች። "ያው አላስችል ብሎኝ ነው፣ ባዶ ተረከዝ አድርገው ሰጡሽ እኮ።" "እግዜር ይስጥልኝ። በጣም ያምራል።" ያለ ካልሲ አጠለቀችው፤ ልክ እንደሚፈለገው ጣቷ ጫፉን ነካ ብቻ አደረገ። ማሰሪያውን ቋጠረች፣ ቀጥ ባለው መም ላይ ሰማንያ ሜትር ያህል ሮጠች፣ ተመለሰች። ስትመለስ ወስፌ የሰማው ድምፅ ነው፦ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ጥቁሩ ጎማ ከሚስማሮቹ ቀድሞ መሙን ይመታል። ያ ሽው ይል የነበረ እግር እንደ ሸክም ተሸካሚ ይረግጣል። "እንዴት ነው?" አላት። "ጥሩ ነው ጋሼ" አለች ዓይኗን ወደ ሣሩ ሰድዳ። ከይሉኝታዋ የተነሣ ብትሞት እንኳ ሌላ ቃል አይወጣትም። የተዋሰችውን ጫማ ስታደርግ ኖራለች፣ ምን እንደተበላሸ ከሱ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ ደግሞም የሠራላት አጎቷ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ አልጠየቃትም። ጠዋት ያየው ነጭ የሆነ ፊትና ጭረት የሌለበት ኋላ አሁን ተመልሶ መጣበት። ያ ጫማ ከነባለቤቱ ዕድሜ ልኩን ተረከዙን መሬት አስነክቶ አያውቅም፤ ስስ የሆነው ስለተበላ ሳይሆን የማያስፈልግ ስለሆነ ነው። ጫማው ነግሮት ነበር፣ እሱ ነው ያልሰማው። "አውልቂው" አላት። "ጋሼ ምንም—" "አውልቂው ልጄ። አበላሸሁብሽ፣ አንቺም ታውቂያለሽ።" ሽው አንገቷን ደፋች። አንዲት እንባ ጉንጯ ላይ ወረደች፣ በእጇ ጀርባ ጠረገቻት።

አሰልጣኟ መጣች። ቀጭን፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ድምፅ የማታባክን ሴት ናት። ጫማውን አይታ ወስፌን አየችው። "እርስዎ ነዎት?" "እኔ ነኝ። ጫማ ሰፊ ነኝ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው።" "ሥራውስ ሥራ ነው፣" አለች ተረከዙን በአውራ ጣቷ እየነቀነቀች፣ "አይነቃነቅም እኮ። ግን ጣቷን ወደታች ደፍቶ ተረከዟን ቀድሞ ያሳርፍባታል፣ ሚስማሩ መሙን የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው፤ በየእርምጃው ጊዜ ይበላባታል። ደግሞ ዳኛው ካየው የተቀየረ ጫማ ነው ብሎ ሊመልሳት ይችላል።" "ባዶ እግሯን ብትሮጥስ?" "ይፈቀዳል። ሕጉ በባዶ እግርም፣ በአንድ እግር ጫማም ብትሮጥ ግድ የለውም። ግን ይንኩት" አለችና ወደ መሙ ጠቆመችው። ወስፌ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ቀዩ መም ላይ አሳረፈ፤ ሳይቆይ አነሣው። በዚህ ላይ አራት ዙር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሩጫ በባዶ እግር፣ ያውም አሥር ባለ ሚስማር ልጆች መሃል። አሰልጣኟ ሰዓቷን አየች። "ሯጮቹ የሚፈተሹበት የጥሪ ክፍል ስምንት ከአርባ ላይ ይዘጋል። ሃያ ደቂቃ አለዎት።"

ወስፌ ከሥራ ቦታው ሲነሣ ወስፌውንና አጭር ቢላዋውን ኪሱ ከትቶ ነበር። የቢላዋውን ጫፍ በጎማውና በላስቲኩ መካከል ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባም። የሰውን ሥራ ሲነቅል የኖረ እጅ ነው፤ የሰው ሥራ ይለቃል፣ ይሄ የራሱ ነው። ሁለት ጊዜ ማስቲሽ፣ ከመሃል ወደ ዳር መዶሻ። ቢያስገድደው ስሱ ላስቲክ ተቀድዶ ጫማው ለሁለት ይሆናል። ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ ዙሪያውን አየ። አንድ ነገር ትዝ አለው፦ ተቀምጦ የተነሣበት ቆርቆሮ። ማስቲሽ ሙቀት ይፈራል። ሁለቱን ጫማ ተረከዛቸውን ወደታች አድርጎ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ላይ አስቀመጣቸው፣ ከላይ በሁለት መዳፉ ተጫናቸው፣ እስከ ሁለት መቶ ቆጠረ። የእጁ ሥር እየተቃጠለ ቆጠራውን አላቋረጠም። ሽው አጠገቡ ቆማ በጣቶቿ ጫፍ መሬቱን ትነካለች፣ ትተወዋለች።

የቀኙ መጀመሪያ ለቀቀ። የቢላዋው ጫፍ ገባ፣ ማስቲሹ እንደ ክር እየተሳበ ጎማው ሙሉውን ተላቆ እጁ ላይ ቀረ፤ ሥሩ ያለው ላስቲክ ደህና ነው። የግራው እልኸኛ ነበር። ደግሞ ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠው፣ ደግሞ ቆጠረ። ግማሹ ድረስ መጣና ቆመ፤ ጎተት ሲያደርገው የላስቲኩን ቢጫ ገጽ ጥፍር የሚያህል ይዞ ወጣ። ወስፌ ገልብጦ አየው፤ አልተቀደደም፣ ቆዳው ነው የተላጠ። የቀረው ማስቲሽ እንዲህ እንዳለ ቢተው ጠጠር ሁሉ እየለቀመ ይለጠፍበታል፤ ስለዚህ በጣቱ እያሸ ጠቀለለውና ነቀለው፣ ሊነቀል ያልቻለው ላይ አፈር ነሰነሰና በእጁ አሸው፣ እንዳይዝ አደረገው። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ በመፍቻው ነካ፤ አልላሉም። ጫማውን ሰጣት። "ሂጂ አሁን፣ ሽው በይ" አላት። እሷም ጫማውን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ወደ ጥሪ ክፍሉ ሮጠች። ዳኛው በር ላይ ጫማውን ገልብጦ፣ ትንሽ መለኪያውን ሚስማሮቹ ላይ አሳልፎ፣ የተላጠውን ቦታ በጣቱ ነክቶ፣ በአገጩ ግቢ አላት።

መነሻው ከወስፌ ፊት ለፊት፣ ከሜዳው ማዶ ነበር። ጥይቱ ሲተኮስ አሥራ አንዱም ልጆች ተጠቅልለው አንድ ላይ ሮጡ። ወስፌ ማን ቀድማ ማን ተከትላ እንደሆነ አላየም፤ ሁለት ቢጫ ተረከዝ ብቻ ፈለገ። መጀመሪያው ዙር ላይ ስምንተኛ ነበሩ። ዝግ ያለ ሩጫ ነው፤ ሁሉም ሌላዋ ትጀምር ብለው ይተያያሉ፣ ክርን ከክርን ይጋጫል። ሁለተኛው ዙር ላይ ከፊቷ ያለችው ልጅ ድንገት ቀስ ስትል እግሮቻቸው ተጠላለፉ፣ የልጅቷ ሚስማር የሽውን የግራ ጫማ ከላይ ቧጨረው። ወስፌ ጥርሱን ነከሰ። ያ ጠባሳ ያለበት እግር ነው። ሽው ግን አልተደናቀፈችም፤ የተቀደደው ጨርቅ ነው፣ እግሯን ጫማው ከልሎላታል።

የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ስድስተኛ ናት። ማዶ ያለው ቀጥታ ላይ ከውጭ በኩል ወጣች፣ አንዷን አለፈች፣ ሌላዋን ደረሰችባትና ትከሻ ለትከሻ ወደ መጨረሻው መታጠፊያ ገቡ። በባዶ እግሯ ሁልጊዜ የምትሸነፍበት ቦታ ይሄ ነው። ወስፌ ዓይኑን አልነቀለም። ቀኝ እግሯ አረፈ፣ ሚስማሮቹ ያዙ፣ አልተንሸራተተም፤ ግራው አረፈ፣ ያዘ። ተረከዞቿ አንድም ጊዜ መሙን አልነኩም። ከመታጠፊያው ስትወጣ አራተኛ ሆና ወጣች፣ ከፊቷ ያለችው ቀይ ለባሽ ደግሞ ትከሻዋ ከፍ ከፍ ማለት ጀምሯል፤ እሷ ግን ያው ናት፣ ድምፅ የላትም። ሁለቱ መጨረሻው መስመር ላይ ደረታቸውን አስቀድመው ወደቁ ማለት ይቻላል። የተመልካቹ ጩኸት ቀለጠ።

ሽው ተነሥታ በአጥሩ ሥር ወዳለው ወደ ወስፌ መጣች። "ጋሼ፣ ስንተኛ ነኝ?" "እኔ እንጃ ልጄ፣" አለ፤ "ተረከዝሽን ነበር የማየው።" ሽው ሳቅ አመለጣት፣ ከድካሙ ጋር ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሁለቱም አሰልጣኟን ለማየት ዞሩ። አሰልጣኟ የዳኞቹ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ወረቀት ታያለች። ቀና አለች፣ ፈለገቻቸው፣ ከዚያ ሳትስቅ፣ ሳትጮህ፣ ሦስት ጣቷን አነሣች። ሽው አጥሩን ይዛ ቁጢጥ አለች። ወስፌ እዚያው ባለበት አለቀሰ፤ ሰው ፊት ያለቀሰው ከዚያ በፊት መቼ እንደሆነ አያስታውስም፣ ግድም አልሰጠው።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚስትየው ከሥራ ስትገባ ሁለቱ ሻይ አፍልተው ይጠብቋታል። ሰኞ የምትባለው ቀን ገና ከበሩ ስትገባ ተነገረች፤ ሰኞ ሽው ወደ ክለቡ መኝታ ትገባለች፣ አባትየውም ይመጣል፣ ግን ሊሸኛት። ሚስትየው ልጅቷን አቅፋ ግንባሯን ሳመቻት፣ እንደገና ሳመቻት። ከዚያ ዓይኗ ከበሩ ኋላ ወዳለው ባዶ ሚስማር ሄደ። "ጎማዬስ?" አለች። ወስፌ ታሪኩን ከጥጉ እስከ ጥጉ ነገራት፣ ቁልፍ ቀራጩንም፣ ቆርቆሮውንም አልደበቀም። ሚስትየው ሻይዋን እየጠጣች ሰማችው። ሲጨርስ ከኪሱ ሁለቱን ጎማ አወጣ፤ አንዱ ንጹህ፣ አንዱ ላይ ጥፍር የምታህል ቢጫ ላስቲክ ተለጥፎበታል። "በስፓይኩ ልክ ተቆርጦ ትንሽ ጠብቧል እንጂ ለአንቺ ይበቃል። አሁኑኑ ልምታልሽ፣ ዕቃዬን ይዤ መጥቻለሁ" አለ።

ጫማዋን አውልቃ ልትሰጠው ጎንበስ ስትል እጁን አነሣ። "ቆይ። አታውልቂው። መጀመሪያ ተራመጂበት፣ ልይሽ።" ሚስትየው አየችው። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ብሏት አያውቅም። ሽው ተነሥታ ወንበሩን ከመሃል ወለል አነሣችላት፤ አሥራ ሁለቱ ቀዳዳዎች ብቅ አሉ። ሚስትየው ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋው ተራመደች። ወስፌ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ እግሯን ብቻ አየ። ቀኝ ጫማዋ የሚበላው በቀኝ እግሯ ምክንያት አይደለም፤ ግራዋን ቀለል አድርጋ ታሳርፋለች፣ ክብደቷን ሁሉ ወደ ቀኝ ትጥላለች።

"ግራ ጉልበትሽን ያምሻል እንዴ?"

"አራት ዓመቱ" አለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጫማውን ነው የምጠይቀው ትል የለ" አለች፣ ሳትቆጣ።

ሽው ወንበሩን እንደያዘች ቆማለች። "እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ" አለ ወስፌ፣ "ቀስ ብለሽ።" ሚስትየውም በቀዳዳዎቹ ላይ እየረገጠች እንደገና ተራመደችለት።